የማን 5 ሰዓት?

ወዳጄ፣ በእኛ አገር እርስ በርሳቸው ሲጣሉ የሚኖሩ ሁለት ተረቶች አሉ። አንደኛው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሌላው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሰው እንደ አስተዳደጉ አንዱን ይዞ ያድጋል። እኔ ያደግኩት የመጀመሪያው በሚነገርበት ቤት ነው፤ አባቴ የደሞዝ ጭማሪ ሲያገኝ እንኳ ለእናቴ የሚነግራት በጆሮዋ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የሁለተኛው ተረት ልጅ ናት። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት አንድ ኩባንያ የቅጥር ደብዳቤ ልኮልኝ፣ ልቤ ያረፈበት ሌላው ኩባንያ ገና መልስ ሳይሰጠኝ ሲቀር፣ «ለሁለተኛው ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?» የሚለው ክርክር እቤታችን እራት ላይ ተነሳ። እንጀራው ደረቀ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ የሶፍትዌር ፍተሻ ነው፤ ፕሮግራመሮቹ ሠርተው ያስረከቡትን ደንበኛው ከመንካቱ በፊት እየነካካሁ የት ላይ እንደሚበላሽ እፈልጋለሁ። ዲሲ አካባቢ ካለነው አበሾች ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየጠበቀ ማታ ማታ ኮርስ ወስዶ ወደዚህ ሙያ የገባ ብዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። በኮንትራት የምሠራበት ቦታ ውሉ ሰኔ ላይ ያልቅ ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ነውና በሁለት በኩል ገፋሁ። አንዱ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለ ኩባንያ ነው፤ ደሞዙ ደህና ነው፣ ግን በየቀኑ ቢሮ መግባት ይፈልጋል። 495 አውራ ጎዳናን ጠዋትና ማታ የሚያውቀው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። ሌላው ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ነው፤ ሥራው ከቤት ነው፣ ለቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስም አብዛኛውን ወጪ ራሱ ይከፍላል። ልጆቼን ከትምህርት ቤት ራሴ ማምጣት የምችልበት ሥራ ይህ ነበር።

የካሊፎርኒያውን የመጨረሻ ኢንተርቪው የጨረስኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ሪክሩተሯ፣ ማለትም ለኩባንያው ሠራተኛ የምትመለምለው ሴት፣ «በሁለት ሳምንት ውስጥ እናሳውቅሃለን» ብላ ተሰናበተችኝ። ሰኞ ጠዋት ከቨርጂኒያው የቅጥር ደብዳቤ መጣ። ደሞዙ፣ የሥራ መጀመሪያ ቀኑ፣ ዕረፍቱ ሁሉ ተዘርዝሮ ከታች አንዲት መስመር ነበረች፤ ይህ ኦፈር የሚጸናው እስከ አርብ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ብቻ ነው ትላለች። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ሲያመሽ ሳይሆን ቢሮ ሲዘጋ። ሁለት ሳምንትና አርብ እንዴት ይገናኛሉ?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገርህ። ደብዳቤው እንደደረሰኝ «እሺ» አላልኩም፤ «እምቢ»ም አላልኩም። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ፣ በደንብ አንብቤ ባላችሁት ቀን እመልሳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያስተማረኝ አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ እኛ ጋሼ እንለዋለን፤ ሆስፒታል ውስጥ ቅጥር ክፍል ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። «እሺ ካልክ በኋላ መልሰህ እምቢ ብትል በዚህ አገር ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዝህ የለም» ይላል ጋሼ፣ «ስምህ ግን ይያዛል። ቅጥር ክፍል ያለ ሰው ኩባንያ ይቀይራል እንጂ የከዳውን ሰው ስም አይረሳም።»

ሰኞ ማታ ቡና ላይ ተቀመጥን። የሰፈራችን አንድ ልጅ፣ አፉ የማይደክመው፣ «ሦስት ኦፈር አለኝ በላቸው! ደሞዙንም ሃያ ሺህ ጨምርበት! ፈረንጅ የሚገባው እንደዚህ ስትለው ነው!» አለ። ባለቤቴ በአንድ በኩል ተናገር እያለች፣ እኔ የአባቴን ዝምታ ይዤ፣ ልጁ ከላይ ውሸቱን እየቆለለ፣ ጋሼ ሲኒውን አስቀመጠ። «ውሸቱን ተወው» አለው፤ «መንፈሳዊ ምክር ለመስጠት አይደለም። ሪክሩተሯ ከምትጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ‘ደብዳቤው በእጅህ ነው?’ የሚል ነው። አንዳንዷ ‘ልታሳየኝ ትችላለህ?’ ትላለች። ደግሞም ‘አንችልም፣ ያንን ውሰደው’ ካለችህ የትኛውን ልትወስድ ነው? የሌለውን?» ልጁ ዝም አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግን እውነተኛ ደብዳቤ አለህ። እውነተኛ ደብዳቤ ይዞ ዝም ማለት ለእሷም አይጠቅማትም። ሁለት ሳምንት ቆይታ ብትደውልልህና ‘ሌላ ቦታ ፈርሜያለሁ’ ብትላት የምትናደደው በአንተ ነው።»

ከዚያ ውስጡን ገለጠልኝ። ካሊፎርኒያ ያለው ኩባንያ «ሁለት ሳምንት» ሲል ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ እኔ ያስባል ማለት አይደለም። የጠየቁኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው አስተያየታቸውን ይጽፋሉ፤ አንዱ ያልጻፈ እንደሆነ ሁሉም እሱን ይጠብቃል። ከዚያ አብረው ተሰብስበው ይወያያሉ፤ ስብሰባው የሚያዘው የሁሉም ሰዓት ባዶ የሆነ ቀን ነው። ከዚያ አለቃዬ የሚሆነው ሰው ይወስናል። ከዚያ ደሞዙን የሚተምን ክፍል ቁጥር ያወጣል፣ በጀት የያዘው ኃላፊ ይፈርማል፣ ደብዳቤው ይዘጋጃል። «ከዚህ ሁሉ ሥራው ሲደመር የሰዓታት ነው» አለ ጋሼ፤ «ቀሪው ወረፋ ነው። የአንተ የጊዜ ገደብ ወረፋውን ነው የሚያሳጥረው። ሪክሩተሯ ቀን የተጻፈበት ምክንያት ሲኖራት ላልጻፈው ሰው ‘ዛሬ ጻፍ’ ልትለው ትችላለች፤ የሚቀጥለውን ማክሰኞ ስብሰባ ወደዚህ ሐሙስ ልታመጣው ትችላለች። ያለ ምክንያት ግን ማንንም መቀስቀስ አትችልም።»

የማያጥር ነገርም እንዳለ ነገረኝ። ኃላፊው ዕረፍት ላይ ከሆነና ወኪል ከሌለው፣ ወይም ኩባንያው ቅጥር አቁሞ ከሆነ፣ የአንተ አርብ ምንም አያመጣም። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ከሆነም ሂደቱ የራሱ ሥርዓት አለውና ለግል ኩባንያ ቀነ ገደብ ብሎ አይሮጥም፤ የደህንነት ማጣሪያ የሚፈልግ ቦታ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ገና የመጀመሪያ ኢንተርቪው ያላደረገ ሰውም «እስከ አርብ ወስኑልኝ» ቢል የሚያገኘው መልስ «መልካም ዕድል» ነው፤ ስለማያውቁት ሰው ማንም ስብሰባ አያንቀሳቅስም። የመጨረሻውን በር ላለፈ ሰው ግን ጊዜው ያ ነው። የሚነገረውም ደብዳቤው እንደመጣ እንጂ ሐሙስ ማታ አይደለም፤ ለሪክሩተሯ የሥራ ቀን ሊተርፋት ይገባል።

ማክሰኞ ጠዋት ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሐሙስ ከቡድኑ ጋር ያደረግኩት ውይይት የእናንተን ሥራ ይበልጥ እንድፈልገው አድርጎኛል። አንድ ነገር ላሳውቅሽ ወደድኩ። ከሌላ ኩባንያ የጽሑፍ ኦፈር ደርሶኛል፤ እስከ አርብ 5 ሰዓት መልስ መስጠት አለብኝ። የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ። ከዚያ ሰዓት በፊት ውሳኔያችሁን ማወቅ የምችልበት መንገድ ይኖራል? ከእኔ የሚጎድል ነገር ካለ ዛሬውኑ እልካለሁ።»

ጋሼ አንብቦ «በቃ» አለኝ። የሌላውን ኩባንያ ስም አልጻፍኩም፣ ደሞዙንም አልጻፍኩም፣ «አለበለዚያ» የሚል ቃልም የለበትም። በእጄ ያለው፣ የምፈልገው፣ ቀኑና የምጠይቀው ነገር ብቻ። ይህን ወረቀት ሪክሩተሯ እንዳለ ለአለቃዋ ማስተላለፍ ትችላለች፤ ጥሩ መልእክት የሚባለው ደግሞ ሳይቀየር የሚተላለፈው ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ እንጀራ አምጣ ብላኝ ሐበሻ ሱቅ ወረፋ ላይ ነኝ። ማክሰኞ ትኩስ እንጀራ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ ወረፋው እስከ በርበሬው መደርደሪያ ድረስ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ የካሊፎርኒያ ቁጥር። ብወጣ ወረፋዬ ይሄዳል፣ ባልመልስ ሪክሩተሯ ትሄዳለች። አነሳሁት። ሱቁ ውስጥ ከበሮ የበዛበት ዘፈን ተከፍቷል፤ ሴትዮዋ ስለማትሰማኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ዘፈኑን ቀነሱልኝ፤ ይኸኔ ሱቁ በሙሉ ጸጥ አለ፣ የእኔ ድምፅ ግን እንደጮኸ ቀረ።

«ኦፈሩ በጽሑፍ ነው?» አለች። «አዎ፣ በጽሑፍ ነው!» አልኩ፤ ወረፋው በሙሉ ሰማ። «እስከ መቼ?» «አርብ 5 ሰዓት!» ከፊቴ ያሉት እናት ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ቀጠሮ አለው መሰለኝ» አሉ። «ስንት ብር እንደሆነ ልትነግረኝ ትችላለህ?» አለች ሪክሩተሯ። እዚህ ላይ ቆምኩ። የሱቁ ሰው ሁሉ፣ በእግዜር ስም እነግርሃለሁ፣ መልሱን ይጠብቅ ነበር። የአባቴ ልጅ ነኝና ደሞዝ በዚያ መሀል አይወጣኝም። ለነገሩ ጋሼም አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ የራሳቸውን ቁጥር ሳታውቅ ያንተን ብትሰጥ ጣሪያህን ሰጠህ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሥራ ማስታወቂያው ላይ የደሞዙን መነሻና መድረሻ መጻፍ አለበት፤ ሜሪላንድም ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ስለዚህ የእነሱን መጠን ማስታወቂያው ላይ አንብቤዋለሁ። «ማስታወቂያችሁ ላይ ከተጻፈው የላይኛው ግማሽ ውስጥ ከሆነ ለእኔ ደሞዝ ጥያቄ አይሆንም» አልኳት። እውነቱም ያ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻዋን ጥያቄ አመጣች፤ «እኛ ብንሰጥህ ትቀበላለህ?» ይህን ጥያቄ በደንብ አስተውለው። ሪክሩተር ይህን የምትጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። ሰዎቹን ሁሉ ካስቸኮለች በኋላ አንተ እምቢ ብትል የምታፍረው እሷ ናት፤ ስለዚህ ከመሮጧ በፊት መሬቱን ትነካካለች። እኔም ቤተሰቤን፣ 495ን፣ ልጆቼን አስቤ «አዎ! በደንብ እቀበላለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ሲዘጋ ከፊቴ ያሉት እናት እጃቸውን ዘርግተው «እሰይ የኔ ልጅ! መቼ ነው ሠርጉ?» አሉኝ። ሥራ ነው እያልኩ ሳስረዳ ከኋላ ያለው ሰው እልል ማለት ጀመረ። ባለ ሱቁ ሁለት እንጀራ መርቆ ሰጠኝ። ሚዜ ነኝ የሚል እንኳ አልጠፋም። ባለቤቴ ማታ ዜናውን የሰማችው ከእኔ አልነበረም።

ሪክሩተሯ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «አርብ ከ5 ሰዓት በፊት መልስ ታገኛለህ» ብላኝ ነበር። ረቡዕ ከጠየቁኝ ሰዎች አንዱ ተጨማሪ የሥራ ናሙና በኢሜይል ጠየቀኝ፤ ጋሼ «ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰው እየጻፈልህ ነው» አለ። ሐሙስ ሪክሩተሯ «ስብሰባው ዛሬ ነው» ብላ አጭር መልእክት ላከች። አርብ ነጋ።

አርብ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ሆነ፤ ዝም። 3 ሰዓት ሆነ፤ ዝም። 4 ሰዓት ሲሆን እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አዲስ አበባ ከእኛ 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። «ስለ ሥራህ ስጸልይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለች። እኔም እንደ ወትሮው ሰዓቷን በጣቴ ቆጥሬ «እማዬ፣ ለአንቺ እኮ ሌሊት ሆኗል» ስላት፣ ያን ጊዜ ብርድ ብርድ አለኝ። ካሊፎርኒያ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእኔ 5 ሰዓት ለሪክሩተሯ 2 ሰዓት ነው፤ የእሷ 5 ሰዓት ለእኔ ማታ 8 ሰዓት። እሷ «ከ5 ሰዓት በፊት» ያለችኝ የራሷን ነው። በመልእክቴ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፤ የማን ሰዓት እንደሆነ ግን አልተጻፈም። እሷም አልጠየቀችም።

እናቴን «ጸልዪ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ለሪክሩተሯ ጻፍኩላት፤ «የእኔ ገደብ በምሥራቅ ሰዓት 5 ነው፤ በእናንተ 2 ሰዓት ይሆናል።» ለጋሼም ደወልኩ። «ለቨርጂኒያዎቹ አሁኑኑ ደውልና እስከ ሰኞ ቀትር ጊዜ ጠይቅ» አለኝ። «ሰኞ ዕለት ብትጠይቅ ኖሮ ቀላል ነበር፤ አርብ ከሰዓትም ቢሆን ግን ከዝምታ ይሻላል። የምትጠይቀውን ቀንና ሰዓት ራስህ ጥራ። ‘ትንሽ ጊዜ’ ብትል ማንም አይሰጥህም።» ደወልኩ፤ የድምፅ መልእክት ብቻ። አርብ ከሰዓት በዚህ አገር ማን ቢሮ ይገኛል? ድምፄን ትቼ ያንኑ በኢሜይል ደገምኩት፤ «ኦፈራችሁን በቁም ነገር እያየሁት ነው። ከባለቤቴ ጋር የኢንሹራንሱን ነገር ለመጨረስ እስከ ሰኞ ቀትር 12 ሰዓት በምሥራቅ ሰዓት ብትታገሡኝ ቁርጥ ያለ መልስ እሰጣለሁ።» ኢንሹራንሱ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያነጻጸርነው እሱን ነበር።

5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሪክሩተሯ ደወለች። «ይቅርታ፣ ሰዓቱ አምልጦኛል። ተወስኗል፤ እንፈልግሃለን። ደሞዙም ከፍ ባለው ግማሽ ውስጥ ነው። የኃላፊው ፊርማ ግን ዛሬ አይደርስም፤ ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ይመጣልሃል» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ፤ ለቨርጂኒያዎቹ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ ለመጻፍ። ባለቤቴ እጄን ያዘች። «ወረቀት አለህ?» «ድምፅ አለኝ።» «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ረሳኸው?» እስከዚያች ደቂቃ ተናገር ስትል የነበረችው ሴት፣ አሁን ዝም በል አለችኝ። በድምፅ የተነገረ ኦፈር በጀት ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ የተጻፈም እንኳ ሥራ ሳይጀመር ሊሳብ ይችላል፣ ግን የተጻፈው የተሻለ ይጨበጣል።

ከቨርጂኒያው መልስ የመጣው 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሴትየዋ ከመኪናዋ ሆና የጻፈችው ይመስላል፤ «እስከ ሰኞ ቀትር ይሁን፤ መልካም ሰንበት» ይላል። ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፈ አልነግርህም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ስለ ሠርጉ የጠየቀኝ ሰው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የካሊፎርኒያው ደብዳቤ ደረሰ። ደሞዙን፣ የመጀመሪያ ቀኑንና ኢንሹራንሱ የሚጀምርበትን ቀን አንብበን ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ቀትር ሳይደርስ ለቨርጂኒያዎቹ ደወልኩ። በኢሜይል ብቻ መጣል ነውር መሰለኝ። ሴትየዋ አዳመጠችኝና «ቀኑ ሳያልፍ ስለነገርከን እናመሰግናለን፤ ተከታዩን ሰው ዛሬ እንጠራዋለን» አለች። ለካ ከእኔ በኋላ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱም እንደ እኔ ስልኩን እያየ ሰንብቷል።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ያ የሰፈራችን ልጅ ከወራት በኋላ እውነተኛ ደብዳቤ ይዞ መልስ ለሚጠብቅበት ኩባንያ ነገረ፤ የመጣለት መልስ «በውሳኔህ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ቀኑም አልጠየቁት፣ ስለ ጽሑፉም። ጋሼ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያ ምርጫቸው አንተ አይደለህም፣ ያለህን ደብዳቤ ፈርም ይላል። ልጁም ፈረመ፤ ዛሬ እዚያው ደህና እየሠራ ነው። ስለዚህ መናገር መልስ ባያፋጥንም እንኳ አንድ ነገር ያሳይሃል፤ የምትጠብቀው ቦታ አንተን ይጠብቅህ እንደሆነና እንዳልሆነ።

ወዳጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምህ ተናገር፤ እውነት የሆነውን ብቻ ተናገር፤ ደብዳቤው በመጣ ማግስት ተናገር። ቀኑን ጻፍ፣ ሰዓቱን ጻፍ፣ የማን ሰዓት እንደሆነም ጻፍ። ሁለተኛው ወረቀት እጅህ እስኪገባ የመጀመሪያውን አትልቀቅ፤ ሲገባም ያን የመጀመሪያውን ሰው አታስጠብቀው፣ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟልና።